ስድስት ሰዎች፣ አሥራ አምስት መስመሮች

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሻንዶር ሳላይ የተባለ ሀንጋሪያዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር የልጆችን ጓደኝነት ሲያጠና አንድ ነገር ደጋግሞ አስተዋለ። ወደ 20 የሚጠጉ ልጆች ባሉበት በየትኛውም ቡድን ውስጥ ወይ አራቱም እርስ በርሳቸው ጓደኛሞች የሆኑ አራት ልጆች ያገኛል፤ ወይ ደግሞ ከመካከላቸው ሁለቱ እንኳ ጓደኛሞች ያልሆኑ አራት ልጆች ያገኛል። ሁለቱም የጠፉበት ቡድን አልነበረም።

ስለ ልጆች ጠባይ አንድ ትልቅ ነገር የተገኘ ይመስላል። ሳላይ ግን ወደ መደምደሚያው ከመሮጡ በፊት የሀንጋሪን ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት፣ ፖል ኤርዶሽን፣ ፓል ቱራንንና ቬራ ሾሽን አማከረ። ያየው ነገር ከልጆቹ ጠባይ የመጣ አልነበረም። በልጆቹ ፋንታ ሃያ ከተሞች ቢሆኑና ጓደኝነቱ ቀጥታ መንገድ ቢሆን ውጤቱ ያው ነው። ሰዎቹን እንደ ነጥብ፣ ግንኙነታቸውን እንደ መስመር ወስዶ መስመሮቹን በሁለት ቀለም የሚቀባ ማንኛውም ሰው ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

የሳላይ ሕግ አራት ሰዎችን የሚመለከት ስለሆነ ማረጋገጫው ረዘም ይላል። የሦስት ሰዎቹ ግን በአንድ ወረቀት ላይ ያልቃል፤ የአራቱም ምስጢር ያለው እዚያው ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል። ስድስት ሰዎች የትም ይሰብሰቡ፣ በሠርግ ድንኳንም ሆነ በአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከመካከላቸው ወይ ሦስቱም እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ወይ አንዱም ሌላውን የማያውቅ ሦስት ሰዎች አሉ። ጥያቄው በ1947 በሀንጋሪ የተማሪዎች የሒሳብ ውድድር፣ በ1953 ደግሞ በአሜሪካው የፑትናም ውድድር ላይ ቀርቧል። በፑትናም ሲቀርብ ስለ ሰዎች አንድም ቃል አልነበረበትም፤ ስድስት ነጥቦች፣ አሥራ አምስት መስመሮችና ሁለት ቀለሞች ብቻ ነበሩ።

አሥራ አምስቱ መስመሮች የሚመጡት እንዲህ ነው። ስድስቱን ሰዎች ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ እና በ እንበላቸውና እያንዳንዱን ወረቀት ላይ በነጥብ እናስቀምጥ። እያንዳንዱ ከሌሎቹ አምስት ጋር በመስመር ይገናኛል። ስድስት ጊዜ አምስት ሠላሳ ነው፤ ነገር ግን ከሀ ወደ ለ የሚሄደውና ከለ ወደ ሀ የሚመጣው መስመር አንድ ስለሆነ ሠላሳው በግማሽ ይቀንስና አሥራ አምስት ይሆናል። ሁለት ሰዎች የሚተዋወቁ ከሆነ በመካከላቸው ያለው መስመር ቀይ ይቀባል፤ የማይተዋወቁ ከሆነ ሰማያዊ። ሳይቀባ የሚቀር መስመር የለም፤ አለመተዋወቅም የራሱ ቀለም አለው። በዚህ የሒሳብ ዘርፍ እያንዳንዱ መስመር ጠርዝ ስለሚባል ሥራው ጠርዝ ማቅለም ይባላል።

አሁን ሕጉ በሥዕል ይነገራል። አሥራ አምስቱ መስመሮች እንዴትም ይቀቡ፣ ሦስቱም ጎኖቹ አንድ ቀለም የሆኑ ሦስት ማዕዘን ይገኛል። ቀይ ከሆነ ሦስት የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ ሰማያዊ ከሆነ ሦስት የማይተዋወቁ። በወረቀት ላይ የሚሞክር ሰው አንድ ነገር መጠንቀቅ አለበት፤ መስመሮቹ መሀል ላይ ሲሻገሩ የሚፈጠሩት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች አይቆጠሩም። የሚቆጠረው ሦስቱም ጥጎቹ ሰዎቹ ባሉባቸው ነጥቦች ላይ ያረፉት ብቻ ነው።

አቀባቦቹን ሁሉ አንድ በአንድ ስሎ ማየት አድካሚ ነው። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ምርጫ ስላለው አሥራ አምስቱ በጠቅላላ በ32,768 መንገድ ሊቀቡ ይችላሉ። ማረጋገጫው ግን አንዱንም መሳል አይጠይቅም።

ከስድስቱ አንዱን፣ ሀን እንውሰድ። ከሀ አምስት መስመሮች ይወጣሉ፤ ያሉት ቀለሞች ግን ሁለት ብቻ ናቸው። አምስት ነገር ለሁለት ሲከፈል አንደኛው ወገን ቢያንስ ሦስት ይደርሰዋል፤ ሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ብቻ ቢይዝ ድምሩ አራት ሆኖ አንድ ይተርፋልና። ስለዚህ ከሀ ከሚወጡት መካከል አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ቢያንስ ሦስት መስመሮች አሉ። ቀይ ናቸው፣ ወደ ለ፣ ወደ መ እና ወደ ረ ይሄዳሉ ብለን እንያዝ፤ ማለትም ሀ ሦስቱን ያውቃቸዋል።

ዓይናችንን ከሀ ላይ አንሥተን በእነዚህ ሦስት ሰዎች መካከል ያለውን እንይ። ለ እና መ የሚተዋወቁ ከሆነ ሀ፣ ለ እና መ ሦስቱም ተዋወቁ፤ አለቀ። ለ እና ረ ወይም መ እና ረ የሚተዋወቁ ከሆነም እንዲሁ አለቀ፤ ሀ ሁለቱንም ስለሚያውቃቸው ሦስተኛ ሆኖ ይገባል። ከሦስቱ ጥንዶች አንዱም ካልተዋወቀስ? እንግዲያውስ ለ፣ መ እና ረ ራሳቸው የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሌላ መውጫ የለም። ከሀ የወጡት ሦስቱ መስመሮች ሰማያዊ ቢሆኑ ደግሞ «ይተዋወቃሉ» የሚለውን «አይተዋወቁም» በሚለው እየተኩ ያንኑ መድገም ነው።

የማረጋገጫው ኃይል ያለው ስለ ሰዎቹ ምንም ባለመጠየቁ ላይ ነው። ሀ ተግባቢ ይሁን ዝምተኛ አይመለከተውም። ሰ እና በ እንኳ ከሀ ጋር ስላላቸው ግንኙነት አልተጠየቁም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚገኝ ሕጉ አይናገርም። «ስድስት ሰው ካለ የግድ ሦስት የሚተዋወቁ አሉ» ብሎ የሚረዳው ሰው ይሳሳታል፤ ስድስቱም ፈጽሞ የማይተዋወቁ መንገደኞች ሊሆኑ ይችላሉና።

ታዲያ ለምን አምስት አይበቃም? አምስት ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዱ በቀኙና በግራው ያሉትን ሁለቱን ብቻ ይወቅ። ቀዮቹ መስመሮች ዙሪያውን እየሄዱ ባለ አምስት ጎን ቅርጽ ይሠራሉ። ሰማያዊዎቹ ደግሞ በውስጡ ይሻገሩና በኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ መሀል እንዳለው ያለ ኮከብ ይወጣል። ዙሪያው ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን የለም። ኮከቡም ቢሆን ሳይቋረጥ በአምስት መስመር ዞሮ የሚገጥም አንድ ቀለበት ስለሆነ ጥጎቹ ነጥቦቹ ላይ ያረፉ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን አይገኝበትም። አምስቱ ሰዎች ከሕጉ አመለጡ።

ይህንኑ ዘዴ በስድስት መሞከር ብዙ ያስተምራል። ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ እና በ በዚሁ ቅደም ተከተል ክብ ማዕድ ዙሪያ ይቀመጡና እያንዳንዱ ግራና ቀኙን ብቻ ይወቅ። ቀይ ሦስት ማዕዘን አሁንም የለም። ነገር ግን አንድ እየዘለሉ ሲቆጥሩ ሀ፣ መ እና ሰ ይመጣሉ፤ አንዱም የሌላው ጎረቤት ስላልሆነ ሦስቱም አይተዋወቁም። የቀሩት ለ፣ ረ እና በም እንዲሁ ናቸው። አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሰማያዊ ሦስት ማዕዘኖች ወጡ።

ሁለት መሆናቸው በአጋጣሚ ነው ወይስ የግድ? አሜሪካዊው የሒሳብ ምሁር ኤ. ደብሊው. ጉድማን በ1959 ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ አጠቃላይ መልስ ሰጠ። ከዚህ መልስ የሚከተለው የቁጥር ዘዴ ከፊተኛው ማረጋገጫ የበለጠ ነገር ይናገራል፤ አምስት ሰዎች የሚያመልጡበትን፣ ስድስት የሚያዙበትን ምክንያት በአንድ ላይ ያሳያልና።

ዘዴው ሦስት ማዕዘኖቹን ትቶ ጥጎችን ይቆጥራል። በአንድ ሰው ነጥብ ላይ ሁለት መስመሮች ሲገናኙ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ከሆነ «ድብልቅ ጥግ» እንበለው። በክቡ ማዕድ ላይ ሀ ሁለት ሰዎችን ያውቃል፣ ሦስቱን አያውቅም። ከሁለቱ ቀይ አንዱን ከሦስቱ ሰማያዊ ከአንዱ ጋር ማጣመር ስለሚቻል ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ስድስት ድብልቅ ጥጎች አሉት። ሀ አንድ ሰው ብቻ ቢያውቅ አንድ ጊዜ አራት፣ አራት ብቻ ይሆኑ ነበር። ማንንም ባያውቅ ወይም ሁሉንም ቢያውቅ ምንም አይኖረውም። አንድ ሰው ከስድስት በላይ ድብልቅ ጥግ ሊኖረው አይችልም፤ ስለዚህ ስድስቱ ሰዎች በጠቅላላ ቢበዛ 36 አላቸው።

አሁን ጎኖቹ አንድ ዓይነት ቀለም ያልሆኑ አንድ ሦስት ማዕዘን እንይ። ሁለቱ ጎኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሦስተኛው ይለያል። ሁለቱ ተመሳሳዮች የሚገናኙበት ጥግ ድብልቅ አይደለም፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ድብልቅ ናቸው። ስለዚህ ቀለሙ የተቀላቀለ እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን በትክክል ሁለት ድብልቅ ጥጎችን ይወስዳል። ያሉት 36 ከሆኑ የተቀላቀሉት ሦስት ማዕዘኖች ከ18 አይበልጡም። ከስድስት ሰዎች ሦስት ሦስቱን መምረጥ የሚቻለው በ20 መንገድ ነው። ከሃያው አሥራ ስምንቱ ሲቀነስ ሁለት ይቀራል። ቢያንስ ሁለቱ አንድ ቀለም መሆናቸው የግድ ነው።

ይህንኑ ቁጥር ለአምስት ሰዎች ብንሠራው ኮከቡ ለምን እንደተሳካ ይገባናል። ከእያንዳንዱ አራት መስመሮች ይወጣሉ፤ ሁለት ቀይ ሁለት ሰማያዊ ሲሆኑ ድብልቅ ጥጎቹ አራት ይሆናሉ፣ ከዚያ አይበልጡም። አምስቱ ሰዎች 20 ይኖራቸዋል፤ ለሁለት ሲካፈል 10። ከአምስት ሰዎች የሚወጡት ሦስት ማዕዘኖችም ልክ 10 ናቸው። አንድም ትርፍ የለም። አምስት ሰዎች ሊያመልጡ የሚችሉት እያንዳንዳቸው ልክ ሁለት ሰው ብቻ ሲያውቁ ነው። አንዱ እንኳ ሦስት ሰው ቢያውቅ ወይም አንድ ብቻ ቢያውቅ ከሦስት ማዕዘኖቹ አንዱ በአንድ ቀለም ይዘጋል። ለዚህ ነው በአምስት ሰዎች መካከል ያሉት አሥር መስመሮች በ1,024 መንገድ ሊቀቡ እየቻሉ ሦስት ማዕዘን የማያስገኙት 12 ብቻ የሆኑት። አሥራ ሁለቱም ያው ክብና ኮከብ ናቸው፤ የተቀያየረው ማን ከማን አጠገብ መቀመጡ ነው።

ይህን ሕግ በጨዋታ መልክ ማየት የሚፈልግ ሰው ወረቀትና ሁለት እርሳስ ይበቃዋል። ጉስታቭስ ሲመንስ የተባለ አሜሪካዊ በ1969 ባወጣው ጨዋታ ሁለት ተጫዋቾች በስድስት ነጥቦች መካከል ተራ በተራ መስመር ያሰምራሉ፤ አንዱ በቀይ፣ ሌላው በሰማያዊ። በራሱ ቀለም ሦስት ማዕዘን ለመዝጋት የተገደደ ይሸነፋል። አሥራ አምስቱ መስመሮች ከማለቃቸው በፊት ወይም ሲያልቁ አንዱ የግድ ይዘጋልና ጨዋታው በእኩል ሊያልቅ አይችልም። ሁለቱም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ አሸናፊው ሁለተኛው ተጫዋች እንደሆነ ተረጋግጧል፤ የሚያሸንፍበትን መንገድ በቃል መያዝ ግን ቀላል አይደለም።

ሕጉ የሚፈርስበት ቦታም መታወቅ አለበት። ትውውቁ የጋራ መሆን አለበት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የሚያውቁት ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ እሱ ግን ሁሉንም አያውቃቸውም። እንዲህ ያለ የአንድ ወገን ትውውቅ ሲገጥም መስመሩ ምን ይቀባ? አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ «ቀይ የሚሆነው ሁለቱም ሲተዋወቁ ብቻ ነው» ተብሎ። ውሳኔው ከተያዘ በኋላ ሕጉ እንደገና ይሠራል። በመሀል መንገድ ውሳኔውን እየቀያየሩ መቀባት ግን የሚገኘውን ሦስት ማዕዘን ትርጉም ያዛባል።

ሁለተኛው ገደብ የቀለሞቹ ቁጥር ነው። ሰዎች ወዳጅና እንግዳ ብቻ አይደሉም፤ የተኳረፉም አሉ። ሦስት ቀለም ሲገባ ስድስት ሰው አይበቃም። በ1964 በሞስኮ በተካሄደው የዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ላይ የቀረበ ጥያቄ ይህንኑ ይነካል። አሥራ ሰባት ሰዎች እርስ በርስ ይጻጻፋሉ፤ የሚጻጻፉባቸው ርዕሶች ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዱ ጥንድ በአንድ ርዕስ ብቻ ይጻጻፋል። ሦስቱም በአንድ ርዕስ የሚጻጻፉ ሦስት ሰዎች መኖራቸውን አረጋግጡ ይላል።

መልሱ ውስጥ የቀድሞው ስድስት ተመልሶ ይመጣል። ከአንዱ ሰው 16 ደብዳቤዎች ይወጣሉ፤ 16ቱ ለሦስት ርዕስ ሲከፈሉ አንዱ ርዕስ ቢያንስ ስድስት ይደርሰዋል። በዚያ ርዕስ የሚጻጻፉትን ስድስቱን ሰዎች ለብቻ እንያቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ በዚያው ርዕስ ከተጻጻፉ ከመጀመሪያው ሰው ጋር ሦስት ሆኑ። አንድም ጥንድ ካልተጻጻፈበት ደግሞ ስድስቱ የቀሯቸው ሁለት ርዕሶች ብቻ ናቸው። ስድስት ሰዎች፣ ሁለት ቀለሞች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል።

የሳላይ አራት ልጆችስ? መሠረቱ ቀድሞ ተጥሎ ነበር። እንግሊዛዊው ፍራንክ ራምሴ በ1930 በታተመ ጽሑፉ፣ የቡድኑ ቁጥር በበቂ መጠን ካደገ እንዲህ ያለ አንድ ቀለም የሆነ ክፍል እንደማይጠፋ አረጋገጠ። እሱ ይሠራ የነበረው በሎጂክ ጥያቄ ላይ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር ገና በ26 ዓመቱ አረፈ። ኤርዶሽና ጆርጅ ሴከሬሽ በ1935 «በበቂ መጠን» የሚለውን በቁጥር ገለጹት። የእነሱ ስሌት ለሦስት ሰዎች 6፣ ለአራት ሰዎች 20 ይሰጣል። ሳላይ ወደ 20 በሚጠጉ ልጆች መካከል ያየው ይህንኑ ነው። በ1955 ሮበርት ግሪንውድና አንድሪው ግሊሰን ለአራት ሰዎች ትክክለኛው ቁጥር 18 መሆኑን አሳዩ።

አሥራ ሰባት እንደማይበቃ ያሳዩት ኮከቡን በሚመስል ዘዴ ነው። 17 ሰዎች በክብ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ፣ ሁለት፣ አራት ወይም ስምንት ወንበር የሆኑት ይተዋወቃሉ፤ ሌሎቹ አይተዋወቁም። በዚህ አቀማመጥ አራት የሚተዋወቁም፣ አራት የማይተዋወቁም የሉም። (ይህ 17 ከኦሊምፒያዱ 17 ጋር በቁጥር ይግጠም እንጂ ጥያቄው ሌላ ነው፤ እዚያ ሦስት ቀለም ነበር፣ እዚህ ሁለት።)

ለአምስት የሚተዋወቁ ወይም አምስት የማይተዋወቁ ሰዎች ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ እስካሁን የሚያውቅ የለም። 42 ሰዎች ማምለጥ እንደሚችሉ የሚያሳይ አቀባብ በ1989 ተገኝቷል። ቪግለይክ አንገልትቬይትና ብሬንዳን መኬይ ደግሞ በ2024 ባወጡት ሥራ 46 ሰዎች ማምለጥ እንደማይችሉ አሳይተዋል። መልሱ ከ43 እስከ 46 ካሉት አራት ቁጥሮች አንዱ ነው። ኮምፒውተር ሁሉንም አቀባብ ይሞክር እንዳይባል በ43 ሰዎች መካከል 903 መስመሮች አሉ፤ የሚቀቡባቸው መንገዶች ብዛት ሲጻፍ 272 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ተመራማሪዎቹ ከ46 በታች ለመውረድ የሚሠሩት ትንንሽ የሥዕል ክፍሎችን በጥንቃቄ እያጣመሩና የማይገጥሙትን እየጣሉ ነው።